ኩላሊት በሁለት ቁጥር ይለካል

ክሪያቲኒን 1.4። ይህ ቁጥር የተጻፈበት የላቦራቶሪ ወረቀት የሦስት ሰዎች እጅ ገባ እንበል። አንዱ የ25 ዓመት ወጣት፣ ሌላው የ78 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ሦስተኛዋ ስኳር ያለባቸው የ58 ዓመት እናት ናቸው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ኩላሊታቸው ግን አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ቀመር ሲሰላ የወጣቱ ኩላሊት በደቂቃ 72 ሚሊ ሊትር ያህል ያጣራል። የአዛውንቱ 51፣ የእናትየዋ ደግሞ 44 ነው።

ልዩነቱን ያመጣው ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ መሆኑ ነው። ጡንቻው የዳበረ ጎረምሳ በየቀኑ ብዙ ያመርታል፤ ስለዚህ ደሙ ውስጥ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢገኝ ብዙም አያስደነግጥም። ቀጠን ያሉ ሴት ግን የሚያመርቱት ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂቱ ተጠራቅሞ 1.4 ከደረሰ ማጣሪያው ተዳክሟል ማለት ነው። ቀመሩ ዕድሜንና ጾታን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ክሪያቲኒን ብቻ ተመልክቶ «ትንሽ ነው ከፍ ያለው» ብሎ ታካሚን መሸኘት፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሴቶችን፣ ሕመሙን ለዓመታት ሊደብቀው ይችላል።

የማጣራት አቅሙ ደረጃ የሚወጣለት እንዲህ ነው፦ 90ና ከዚያ በላይ አንደኛ፣ ከ60 እስከ 89 ሁለተኛ ነው። ሦስተኛው ለሁለት ተከፍሏል፤ ከ45 እስከ 59 «3ሀ»፣ ከ30 እስከ 44 «3ለ» ይባላል። ከ15 እስከ 29 አራተኛ፣ ከ15 በታች አምስተኛ ነው። ግን አንድ ወረቀት ብቻ ይዞ ደረጃ መስጠት አይቻልም። ሰው አስመልሶትና አስቀምጦት ውሃው ካለቀ ወይም የሕመም ማስታገሻ መርፌ ሲወጋ ከሰነበተ ቁጥሩ ለጊዜው ይወርዳል። ችግሩ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ነው ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም የሚባለው። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃም በራሳቸው ሕመም አይደሉም። ከላይ ያልነው ወጣት ሽንቱ ንጹሕ ከሆነና ሌላ የጉዳት ምልክት ከሌለው 72 ስለሆነ ብቻ የኩላሊት ሕመምተኛ አይባልም።

ሽንቱ ያልነው ወደ ሁለተኛው ቁጥር ስለሚወስደን ነው፤ በእኔ ግምት ሰዎች በብዛት የማያውቁት ይህንን ነው። አልቡሚን በደም ውስጥ የሚዘዋወር ፕሮቲን ነው። ጤነኛ የኩላሊት ማጣሪያ እንደ ደቃቅ ወንፊት ይይዘዋል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ወደ ሽንት ያመልጣል። ላቦራቶሪው አልቡሚኑን በዚያው ሽንት ውስጥ ካለው ክሪያቲኒን ጋር ያነጻጽራል፤ ሽንቱ ቢቀጥንም ቢወፍርም ውጤቱ እንዳይሳሳት ነው። ለአንድ ግራም ክሪያቲኒን ከ30 ሚሊ ግራም በታች አልቡሚን ከተገኘ «ኤ1»፣ ከ30 እስከ 300 «ኤ2»፣ ከዚያ በላይ «ኤ3» ይባላል። የጠዋት የመጀመሪያው ሽንት ይመረጣል። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የወር አበባና ከባድ ስፖርት ቁጥሩን ሊያንሩት ስለሚችሉ ምርመራው ይደገማል። በየጤና ጣቢያው ሽንት ውስጥ የሚነከረው ወረቀት ደግሞ «ኤ2» የሆነውን ትንሽ ፍሳሽ ሊያልፈው ይችላል፤ «ፕሮቲን የለም» መባል ለስኳር ታካሚ በቂ መልስ አይደለም።

ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያልተጠበቀ ነገር ይታያል። የ78 ዓመቱ አዛውንት አቅማቸው 51 ቢሆንም የሽንት አልቡሚናቸው 12 ነው እንበል። ደረጃቸው «3ሀ» እና «ኤ1» ይሆናል፤ አደጋቸው መጠነኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ይበቃቸዋል። አሁን ደግሞ የ41 ዓመት ጎልማሳ እናስብ፤ ክሪያቲኒኑ 1.0፣ አቅሙ 97፣ አልቡሚኑ ግን 450። በመጀመሪያው ቁጥር ፍጹም ጤነኛ ይመስላል። ነገር ግን ኩላሊቱ በፍጥነት የመድከም ዕድሉም፣ ለልብና ለደም ሥር ሕመም የመጋለጥ አደጋውም ከአዛውንቱ ይበልጣል። «ኩላሊትህ መቶ በመቶ ነው» ተብሎ ቢሸኝ ሊታከም የሚችልበት ጊዜ ይባክናል።

የ58 ዓመቷ እናት አልቡሚናቸው 180 ሆነ እንበል። «3ለ» እና «ኤ2» ናቸው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ እጅግ ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው ይመደባሉ። ሕመም አይሰማቸውም፤ እግራቸውም አላበጠም። ታዲያ ኑሯቸው ላይ ምን ይለወጣል?

መጀመሪያ የሚነካው የመድኃኒት ከረጢታቸው ነው። ለጉልበታቸው ከፋርማሲ እየገዙ የሚወስዱት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይቀራል፤ በምትኩ ፓራሲታሞል ይሻላቸዋል። ለስኳሩ የሚወስዱት ሜትፎርሚን ከ45 በታች ሲወርድ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ይቀነሳል፣ ከ30 በታች ይቆማል። ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ከታዘዘላቸው ግፊቱን ብቻ ሳይሆን የአልቡሚኑንም ፍሳሽ ይቀንሳል። መድኃኒቱ በተጀመረ በሁለት እስከ አራት ሳምንት ደም ይመረመራል፤ ፖታሲየም ሊጨምር፣ ክሪያቲኒንም ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ጭማሪው ከ30 በመቶ ካልበለጠ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ አይቋረጥም። «ኩላሊቴን ጎዳው» ብሎ በራስ ፈቃድ መተው ግን የተለመደ ስህተት ነው።

ከምግቡ ዋናው ጨው ነው፤ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች። ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ብቻ ሳይሆን በርበሬው ሲዘጋጅ የገባውም ይቆጠራል። ሽሮና ምስር ለእኚህ እናት ክልክል አይደሉም። ሙዝና ድንች የሚቀነሱትም ፖታሲየሙ ተለክቶ ከፍ ካለ ብቻ ነው፤ ሳይለኩ ሁሉንም መተው ሰውን ያከሳል። ብዙ ውሃ መጠጣትም የወረደውን አቅም አያነሳም። ጾምን በተመለከተ ሥጋና ወተት መተው አይጎዳቸውም። ውሃ ሳይቀምሱ ረጅም ሰዓት መቆየት ግን፣ በሁዳዴም ይሁን በረመዳን፣ አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መመካከር ይጠይቃል፤ በተለይ የግፊትና የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው። ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዛቸው ቀን የትኛው መድኃኒት ለጊዜው እንደሚቆም ቀድመው ሊጠይቁ ይገባል።

አቅሙ ወርዶ አራተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ዝግጅት ይጀመራል። ደም ማነስ፣ ማሳከክና የምግብ ፍላጎት መጥፋት ብቅ ሊሉ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ የክንድ ደም ሥር ነው፤ ለወደፊት እጥበት የሚሠራው መስመር የሚወጣው ከዚያ ስለሆነ፣ ቀኝ እጃቸው የሚሠራ ሰው ደም ሲቀዱም ሆነ ግሉኮስ ሲሰጣቸው የግራ ክንዳቸው እንዳይነካ መጠየቅ ይችላሉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም በዚህ ጊዜ ቢወሰድ ይሻላል፤ አቅሙ ይበልጥ ሲወርድ ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል። ኩላሊት ለመስጠት ፈቃደኛ የሆነ ዘመድ ካለም ቤተሰቡ የሚነጋገረው አሁን ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ የለጋሹ ምርመራ ጊዜ ይወስዳል።

አምስተኛ ደረጃ ሲደረስም «14 ሆነ፣ ነገ እጥበት» አይባልም። ውሳኔው በምልክቱ ላይ ነው፦ በመድኃኒት የማይወርድ ፖታሲየም፣ ሳንባ ላይ የሚከማች ውሃ፣ የማያቋርጥ ማቅለሽለሽና መክሳት። ብዙ ሰዎች የሚጀምሩት አቅማቸው ከ5 እስከ 10 ባለው መካከል ሲሆን ነው። እጥበቱን የማይመርጡ በዕድሜ የገፉ ታካሚዎችም ምልክታቸው እየታከመ፣ ያለ ማሽን የሚከታተሉበት መንገድ አለ።