አራት ግድግዳ አልፎ የሚመጣ ምስል

የእሑድ ጠዋት ስብከት ከተጀመረ ገና አሥር ደቂቃ አልሞላውም፤ በጀርባ በኩል ባለው ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ ያቺ ክብ ምልክት መሽከርከር ጀመረች። አያት፣ "ደግሞ ቆመብኝ፤ እስኪ ና እየው ልጄ" ብለው ይጣራሉ። የልጅ ልጃቸው ሳሎን ቁጭ ብሎ ያንኑ ስብከት በስልኩ ከፍቶ ያያል፤ እዚያ አንዴም አልቆመም። "እዚህ እኮ ደህና ነው፣ እማማ" ይላል፤ ለእሳቸው ግን ይህ መልስ አይሆናቸውም።

ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የሚገኝ ዓይነት ቪላ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ምሳሌ ይሁን። ኮለኑና ሶሌታው በፌሮ የታሰረ ኮንክሪት፣ ግድግዳው ደግሞ ብሎኬት ነው። ኢንተርኔቱ የሚገባው በፊት በር በኩል ሲሆን፣ ራውተሩ ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ሥር ተቀምጧል። የአያት ክፍል ከሳሎኑ፣ ከመመገቢያው፣ ከኮሪደሩና ከመታጠቢያው ቀጥሎ የመጨረሻው ነው። በመካከሉ አራት ግድግዳ አለ።

ቤተሰቡ መጀመሪያ ያደረገው ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ፓኬጁን ከ10 ሜጋቢት ወደ 25 አሳደገ። ወርሃዊ ክፍያው ጨመረ፤ ክቧ ግን መሽከርከሯን አላቆመችም። ልጁ በስልኩ ፍጥነት ሲለካ ነገሩ ተገለጠ። ራውተሩ አጠገብ 24 ሜጋቢት ያሳያል፤ የአያት ክፍል ገብቶ በሩን ሲዘጋው ከ2 አያልፍም። ኔትፍሊክስ ለባለ 1080 ጥራት ምስል የሚመክረው 5 ሜጋቢት፣ ለፎርኬ ደግሞ 15 ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የነበረው 10 ሜጋቢት ራሱ ለአያት ስብከት ከበቂ በላይ ነበር፤ ችግሩ ከመንገድ ወደ ቤት በሚገባው መስመር ላይ ሳይሆን ከሳሎን እስከ ጓዳ ባለው ርቀት ላይ ነው። ሁለቱን ቦታ ሳይለኩ ፓኬጅ ማሳደግ፣ ቧንቧው ቤት ውስጥ ተደፍኖ ሳለ ውኃ ልማት ሄዶ እንደ መክሰስ ነው።

ግድግዳው ምን ያህል እንደሚበላ ስልክ ራሱ ይናገራል። የዋይፋይ ጥንካሬ የሚለኩ ነፃ አፖች ውጤቱን በ dBm ያሳያሉ፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። ሳሎን ውስጥ -45 ያለው፣ አያት ክፍል ሲደርስ -80 ሆኗል። ልዩነቱ 35 ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ መለኪያ በየ10 እርምጃው ኃይሉ አሥር እጥፍ ስለሚቀንስ፣ ጓዳ የደረሰው ሞገድ ሳሎን ከነበረው ሦስት ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ምስል ያለችግር እንዲፈስ -67 ወይም ከዚያ የተሻለ ቢሆን ጥሩ ነው፤ -80 ላይ ስልኩ "ተገናኝቷል" ቢልም ዳታው እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ ወሳኙ የግድግዳው ብዛት ብቻ አይደለም። ባዶ ብሎኬት የተወሰነ ሞገድ ያሳልፋል፤ ፌሮ የታጨቀበት ኮለን፣ የብረት በር፣ ትልቅ መስታወትና ውኃ የሞላ ታንከር ግን አብዛኛውን ይመልሳሉ ወይም ይውጣሉ። ራውተሩ ሁለት ዓይነት ሞገድ ካለው፣ ባለ 5 ጊጋኸርትዙ ቅርብ ላይ ፈጣን ሆኖ ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ ባለ 2.4ው ደግሞ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግን የጎረቤቶች ራውተር ሁሉ የሚጋፋበት ጠባብ መንገድ ነው። ልጁ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ሥር አውጥቶ ኮሪደሩ አፍ ላይ ከፍ አድርጎ ሲያስቀምጠው ጓዳ ያለው ቁጥር ከ-80 ወደ -72 ተሻሻለ። ያለ አንድ ሳንቲም የተገኘ ለውጥ ነው፤ ማታ ማታ ግን ስብከቱ አሁንም ይቆም ነበር።

ገበያ ላይ "ሪፒተር" እየተባለ የሚሸጠው መሣሪያ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ምስሉ የሚቆምበት ክፍል ውስጥ ይሰኩታል፤ እዚያ የሚሰማው ግን ያው የደከመው ሞገድ ስለሆነ፣ ደካማውን ተቀብሎ ደካማውን ያስተላልፋል። ቦታው መሃል መንገድ ላይ፣ ሞገዱ ገና ሳይደክም ነው። ርካሾቹ ደግሞ በዚያው በአንድ ሞገድ ስለሚቀበሉና ስለሚልኩ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ የፓወርላይን አዳፕተር ነበር። ጥንድ ሆኖ ይሸጣል፤ አንዱ ራውተሩ አጠገብ ሶኬት ላይ፣ ሌላው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይሰካና ዳታው ግድግዳ ውስጥ በተቀበረው የመብራት ሽቦ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። መብራቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ ዳታው በሚሊዮኖች ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ሁለቱ አንድ ሽቦ ላይ ሳይቀላቀሉ ይጓዛሉ። ካርቶኑ ላይ 600 ወይም 1000 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ግን ቤት ውስጥ የሚገኝ ፍጥነት አይደለም። አንዳንዶቹ ባለ 600 የሚባሉት የኬብል መሰኪያቸው ራሱ ከ100 በላይ አያሳልፍም።

ልጁ ጥንዱን ከጓደኛው ተውሶ አመጣ። መጀመሪያ የሰካው ባለበት ዲቫይደር ላይ ነበር፤ 3 ሜጋቢት ብቻ አገኘ። ብልሽቱ ዲቫይደሩ ውስጥ ነው፤ ከመብራት መዋዠቅ እንዲከላከል ተብሎ የተገጠመው ማጣሪያ፣ ዳታውንም እንደ ብጥብጥ ቆጥሮ ያፍነዋል። ስታቢላይዘርም እንዲሁ ነው፤ አዳፕተሩ ከስታቢላይዘሩ በኋላ ከተሰካ ዳታው እዚያው ይቀራል። ሁለቱንም በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሲሰካቸው ፍጥነቱ ወደ 20 ወጣ። አያት ሙሉ ስብከት ሳይቆም አዩ፤ "ይኸው! ይሄን ያህል ጊዜ የት ነበር?" አሉ።

ደስታው እስከ ማታ ነበር። ልብስ ማጠቢያው ሲነሳ፣ ርካሽ የስልክ ቻርጀሮችም እዚያው መስመር ላይ ሲሰኩ ቁጥሩ ወደ 7 ይወርዳል፤ አንዳንዴም ይቋረጣል። የተጠራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የብሬከር ሳጥኑን ከፍቶ ዋናውን ማብሪያ አሳየ፤ ሦስት ምላስ አንድ ላይ የተያያዙበት ነው። ይህ ማለት ቤቱ ውስጥ ሦስት ፌዝ ገብቷል፤ ሳሎኑ በአንዱ፣ የጀርባ ክፍሎቹ በሌላው ፌዝ ተከፋፍለዋል። ከአንዱ ፌዝ ወደ ሌላው የሚያሻግር ቀጥተኛ ሽቦ ስለሌለ፣ ዳታው የሚያልፈው ሽቦዎቹ ጎን ለጎን ሲሄዱ በመካከላቸው በሚሾልክ ደካማ ሞገድ ነው። አንዳንድ ቤት ይሠራል፤ አንዳንዱ ቤት አይሠራም፤ ሳይሞክሩት አይታወቅም። ለዚህ ነው ፓወርላይን ከመግዛት በፊት ተውሶ ቢያንስ አንድ ምሽት፣ ምጣዱም ማጠቢያውም በሚሠራበት ሰዓት መፈተን የሚያዋጣው። ቆጣሪ ከተከራይ ጋር የሚጋራ ሰው ደግሞ ሁለቱም አዳፕተሮች ላይ ያለውን የማጣመሪያ ቁልፍ መጫን አለበት፤ ያኔ በመካከላቸው የሚያልፈው ዳታ በራሳቸው ቁልፍ ይቆለፋል።

የቀረው ኬብሉ ነው። ሰው ኬብል የሚፈራው ግድግዳ መቦርቦሩን በማሰብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን መንገዱ ቀድሞ ተሠርቶ ይገኛል። በዚህ ቤት የዲሽ ሽቦ ከጣራ ወርዶ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ወደ ሳሎንም ወደ ጓዳም ይሄዳል። ሠራተኛው የማያስፈልገውን አሮጌ የዲሽ ሽቦ ጫፍ ከአዲሱ ኔትወርክ ኬብል ጋር በፕላስተር አስሮ፣ አንዱ ሲስብ ሌላው እየገፋ በአንድ ሰዓት አሻገሩት። ርዝመቱ 28 ሜትር ሆነ፤ ኢተርኔት ደግሞ እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነቱን ይጠብቃል። መብራት ያለበትን ቱቦ ግን አልነኩትም፤ ኔትወርክና 220 ቮልት አንድ ቱቦ ውስጥ አይገቡም። ግድግዳ መብሳት ግድ በሆነበት አንድ ቦታ ላይ ብሎኬቱን እንጂ ኮለኑን አልበሱም።

ኬብሉ ሲገዛ ካት 5ኢ ይበቃል፤ የብዙ ቴሌቪዥኖች መሰኪያ ራሱ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም። ይልቅ የሚታየው የሽቦው ውስጥ ነው። ጫፉ በቢላ ሲፋቅ እስከ መሃሉ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ከላይ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ካለ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ያኛው ይረክሳል፤ ግን ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ርቀትም ላይ ይደክማል።

ልጁ ጫፎቹን ራሱ ሊገጥም ብሎ የሠራው ስህተት ከሁሉ የሚያስተምረው ሆነ። ስምንቱን ሽቦ ለዓይን እንዲያምሩ ጥንዶቹን ተራ በተራ ደረደራቸው፤ ብርቱካናማ ከነጭ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ ከነጭ አረንጓዴ፣ እስከ ቡናማው ድረስ። ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ስለነበር መፈተሻው ላይ ከ1 እስከ 8 መብራቶቹ በተራ በሩ። ቴሌቪዥኑ ግን ይገናኛል፣ ይቋረጣል። መፈተሻው የሚያየው ሽቦው አለመቆረጡን ብቻ ነው። ኢተርኔት ዳታውን በተጠማዘዙ ጥንዶች ስለሚልክ 3ኛውና 6ኛው ቦታ የአንድ ጥንድ ሽቦዎች መሆን አለባቸው፤ በእሱ አደራደር ግን ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች የመጡ ናቸው። ትክክለኛው ተራ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። ሁለቱን ጫፍ ቆርጦ እንደገና ሲገጥመው ጓዳ ያለው ፍጥነት 24 ሆነ፤ ልክ ራውተሩ አጠገብ ያለውን ያህል። ማጠቢያው ተነሳ፣ ቻርጀሩም ተሰካ፤ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ቤተሰቡም በሚቀጥለው ወር ፓኬጁን ወደ 10 መለሰው።

የተዋሰው ፓወርላይን ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ጓደኛው የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ነው፤ ግድግዳ መብሳት አይፈቀድለትም፣ ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ፌዝ በአንድ ቆጣሪ ላይ ናቸው። እሱ ቤት ያ ጥንድ አዳፕተር ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ ሠርቷል። መብራት ሲጠፋ ግን አዳፕተሩም አብሮ ይጠፋል። በአያት ቤት ደግሞ ራውተሩና የፋይበር ሳጥኑ ትንሽ ባትሪ ላይ ከተሰኩ በኬብሉ ላይ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም፤ አያት ቴሌቪዥኑ ሲጠፋባቸው የቀረውን ስብከት በልጁ ላፕቶፕ፣ እዚያው ኬብል ላይ ሰክቶላቸው ይጨርሱታል።