«አንድ ድገሚኝ!»

ቅዳሜ ምሽት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ግሮሰሪ ነው እንበል። ከጓደኞቹ ጋር የተቀመጠ ጎልማሳ ድምፁ ከሙዚቃው በልጧል። ያወራውን ደግሞ ያወራል፤ አጠገቡ ላሉት ጥንዶች ሳይፈልጉ ቢራ ያዛል። እምቢ ሲሉት ወንበሩን አዙሮ ሴትየዋን ያስቸግራት ጀመር።

ብዙ ቤቶች እዚህ ላይ ጥበቃ ይጠራሉ። እኔ ግን ፈጥነዋል እላለሁ። ሞቅ ያለው ሰው ጓደኞቹ ፊት እጁን ሲይዙት የተነካበትን ክብር በጡጫ ለማስመለስ ይነሳል። ጥበቃው በሩ አጠገብ ቆሞ ቢታይ ለጊዜው ይበቃል።

ልምድ ያላት አስተናጋጅ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ጥንዶቹ ነው። «ወዲያ ጥግ የተሻለ ቦታ አለ፣ ላዘዋውራችሁ?» ብላ ብርጭቆዎቻቸውን ራሷ ታነሳለች። ሰውየው የሚነካካው ሰው ያጣል፤ ነገሩ ቢበላሽም ጥንዶቹ ከእጁ ርቀዋል። ቀጥላ ባዶ ጠርሙሶቹን ከጠረጴዛው ትሰበስባለች። ከጓደኞቹ ረጋ ያለውን ደግሞ ወደ ባንኮኒው ጠርታ፣ «ወንድሜ፣ ለእሱ ከእንግዲህ አንጨምርም፤ ወደ ቤት ብትወስደው ደስ ይለናል» ትለዋለች። ይህን ሌሎቹ አስተናጋጆችም መስማት አለባቸው፤ አንዷ የከለከለችውን ከሌላዋ ማዘዙ አይቀርምና።

«አንድ ድገሚኝ!» ሲል ፊት ለፊቱ አትገተርም። ክንዱ ከማይደርስበት ርቀት ላይ ጎን ለጎን ትቆማለች፤ የመውጫውን መንገድም አትዘጋም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ለዛሬ መጠጥ አልጨምርም። ውሃ ላምጣልዎት?» ትላለች። «ሰክረዋል» ካለችው «አልሰከርኩም» የሚል ማብቂያ የሌለው ክርክር ይከፈታል። ቢጮህ ያንኑ ቃል ትደግማለች፤ ለስድቡ መልስ የላትም። በሂሳብ ከተጨቃጨቀም ጓደኛው ይክፈል ወይም ነገ ይታሰብ፤ ጥቂት ብር ለጠብ አያበቃም።

ቶሎ ማቆሙ ሌላም ምክንያት አለው። የመጨረሻው ብርጭቆ ከተጠጣ በኋላ እንኳ በደም ውስጥ ያለው አልኮል ለግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። ጉበት ግን በሰዓት የሚያስወግደው በግምት ከአንድ መጠነኛ መጠጥ አይበልጥም። ቡና ያነቃዋል እንጂ አልኮሉን አያወጣለትም። ስለዚህ መኪና ካለው ቁልፉን ጓደኛው ይያዝ፤ ታክሲ ተጠርቶ አብሮት ይሂድ።

ጠርሙስ ካነሳ ወይም ሰው ከመታ ግን የማባበሉ ጊዜ አልፏል። ሠራተኞቹ ይርቃሉ፤ ደንበኞችን በሌላ በኩል ያስወጣሉ፤ ፖሊስ ይጠራል።

ሲጮህ የነበረው ሰው ድንገት ጠረጴዛው ላይ ቢደፋም እፎይ ማለት አይገባም። ስሙን እየጠሩ ይነቅንቁት። ካልነቃ፣ አተነፋፈሱ ከዘገመ ወይም ከተቆራረጠ፣ ገላው ከቀዘቀዘ እንቅልፍ አይደለም። አምቡላንስ እስኪደርስ በጎኑ ያስተኙት፤ በጀርባው ከተኛ ትውከቱ ሊያፍነው ይችላል። አንድ ሰውም ከአጠገቡ አይለይ።