«ማን?»፣ «አቤት?»፣ «ማለቴ…»፦ ጨዋታ ሲሰናከል እንዴት ይቃናል?

ሰው ሲያወራ ቃል ይጠፋዋል፣ ምላሱ ይስታል፤ አድማጩም አንዳንዴ ሳይሰማ ወይም ሳይገባው ይቀራል። ተነጋጋሪዎች ጉዳያቸውን ለአፍታ ገታ አድርገው እንዲህ ያለውን እንቅፋት የሚያቃኑበት ዘዴ በቋንቋ ጥናት «የንግግር ጥገና» ሊባል ይችላል። ኢማኑኤል ሼግሎፍ፣ ጌል ጀፈርሰንና ሃርቪ ሳክስ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ የማረም ቅድሚያ ያለው ተናጋሪው ራሱ ነው። «ማክሰኞ… አይ፣ ረቡዕ እመጣለሁ» የሚል ሰው ማንም ሳይጠይቀው ያርማል። ቃል የጠፋበትም «እንትን» እያለ ተራውን ሳይለቅ ያስባል። አድማጩ ደግሞ ከመጠየቁ በፊት ጥቂት ይታገሣል፤ ዝምታው ራሱ የማረሚያ ዕድል ነው።

ተናጋሪው ካላረመ አድማጩ ይጠይቃል፤ አጠያየቁም ምን ያህል እንደሰማ ያሳብቃል። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ከበደ ነገ ከደሴ ይመጣል» አለቻት እንበል። ጎረቤቲቱ «እ?» ካለች ምኑም አልተሰማትም ማለት ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ከነሙሉው ይደገማል። «ማን?» ካለች የጎደላት ስሙ ብቻ ነው። «ከበደ የአልማዝ ወንድም?» ካለች ግን የራሷን ግምት አቅርባለች፤ «አዎ» ይበቃታል። በ2015 እ.ኤ.አ. በ12 ቋንቋዎች ላይ የወጣ ጥናት እንዲህ ያለው ጥያቄ በአማካይ በየ1.4 ደቂቃው እንደሚነሣ፣ ጠያቂዎችም የቻሉትን ያህል ለይተው እንደሚጠይቁ አሳይቷል። ለይቶ መጠየቅ ለጠያቂው ድካም ቢጨምርም የመላሹን ሸክም ያቀላል።

«እ?»ን የመሰለው አጭር ድምፅ በብዙ ቋንቋዎች ተመሳሳይ ነው። ማርክ ዲንገማንሰና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ አፍ ሳይዘጋጅ ፈጥኖ የሚወጣ የጥያቄ ድምፅ ስለሚያስፈልግ ነው ብለዋል። ዜማው ግን ይለያያል፤ በአይስላንድኛ ወደ ታች ይወርዳል። በአማርኛ ደግሞ ለታላቅ ሰው «እ?» ማለት ነውር ስለሆነ «አቤት?» ይተካዋል።

ሁለት ሰዎች እኩል ሲናገሩ ብዙውን ጊዜ አንዱ ቶሎ ያቆማል። የቀጠለው ሰው ድምፅ የተደባለቀበትን መጀመሪያ ደግሞ ይለዋል፤ «እኔማ ትናንት… እኔማ ትናንት ሄጄ ነበር» እንደሚባለው። ድግግሞሹ ያልተሰማውን ክፍል ማዳኛ ነው።

አስቸጋሪው አድማጩ የተረዳ መስሎት የተሳሳተበት ጊዜ ነው። ተናጋሪው ይህን የሚያውቀው ከመልሱ ነው፤ «ኧረ እሱን አይደለም፣ ማለቴ…» ብሎ ይመልሰዋል። አድማጩ «እሺ» ብቻ ካለ ግን ስህተቱ የሚታይበት መልስ የለም። ስለዚህ በስልክ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው በ«እሺ» ከሚያልፍ «ረቡዕ በ4 ሰዓት፣ አይደል?» ብሎ ቢያረጋግጥ ይሻለዋል።