ማርስ ላይ ያረፈችው መንኮራኩር ለምን ራሷን ደጋግማ አስነሳች?

ፓዝፋይንደር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ማርስ ላይ ያረፈችው ሰኔ 27 ቀን 1989 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 4 ቀን 1997 መሆኑ ነው። በአየር ከረጢት ተጠቅልላ፣ መሬት ላይ እየነጠረች፣ በደህና ቆመች። ፎቶዎቿ ዓለምን አዳረሱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ የአየር ሁኔታ መረጃ መሰብሰብ ስትጀምር ግን ኮምፒዩተሯ በድንገት ራሱን ማስነሳት ጀመረ። ዛሬ ይነሳል፣ ደህና ይሠራል፣ ሌላ ቀን ደግሞ እንደገና ይነሳል። የተሰበሰበው መረጃ አይጠፋም፤ የዚያ ቀን ቀሪ ሥራ ግን ተሰርዞ ለነገ ያድራል።

የተበላሸ ዕቃ አልነበረም። ጥፋቱ ያለው ሥራዎች ተራ በሚጠባበቁበት መንገድ ላይ ነበር።

የመንኮራኩሯ ኮምፒዩተር ቪኤክስወርክስ በሚባል የቅጽበታዊ ጊዜ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ሲስተም ዋና ጭንቀቱ ፍጥነት አይደለም፤ ሥራው በተቆረጠለት ሰዓት መድረሱ ነው። ፕሮሰሰሩ አንድ ስለሆነ እያንዳንዱ ሥራ የቅድሚያ ደረጃ ይሰጠዋል። ደረጃው ከፍ ያለ ሥራ በነቃ ቁጥር ዝቅ ያለው ወዲያው ተቋርጦ ቦታውን ይለቃል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ይሉኝታ የለውም።

ለታሪካችን የሚያስፈልጉን አራት ሥራዎች ናቸው። ከላይ `bc_sched` አለ፤ በየ0.125 ሴኮንዱ ይነቃና የመንኮራኩሯን መሣሪያዎች በሚያገናኘው የመረጃ መስመር ላይ ቀጥሎ ምን እንደሚተላለፍ ያዘጋጃል። ከእሱ ዝቅ ብሎ `bc_dist` በመስመሩ የመጣውን መረጃ ለየባለቤቱ ያከፋፍላል። መካከል ላይ እንደ መገናኛው ያሉ ረጃጅም ሥራዎች አሉ። ከታች፣ ብዙም የማይቸኩለው የአየር ሁኔታ መለኪያው ሥራ ተቀምጧል።

`bc_dist` እና የአየር ሁኔታው ሥራ አንድ የጋራ ነገር ነበራቸው፤ መረጃ የሚቀባበሉበት ቧንቧ የሚጠቀምበት የሲስተሙ መዝገብ። ሁለት ሥራ አንድ መዝገብ ላይ በአንድ ጊዜ ቢጽፍ መዝገቡ ይበላሻልና በር ላይ ሚውቴክስ ይቀመጣል። ሚውቴክስ እንደ አንድ ክፍል ብቸኛ ቁልፍ ነው፤ የያዘው ገብቶ ጨርሶ እስኪመልሰው ድረስ ሌላው፣ ሹምም ይሁን ባለሟል፣ ደጅ ይጠናል። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። የአየር ሁኔታው ሥራ ቁልፉን የሚይዘው ለጥቂት ቅጽበት ስለሆነ `bc_dist` ያን ያህል ቢጠብቅ ምንም አይጎዳም።

ጉዳቱን የሚያመጣው መካከለኛው ነው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል እኔ ልመድብና አንዱን ዙር እንከተለው። ዙሩ በተጀመረ በ40ኛው ሚሊሴኮንድ የአየር ሁኔታው ሥራ ቁልፉን ይይዛል፤ ለመጨረስ ሁለት ሚሊሴኮንድ ይበቃዋል። በ41ኛው ላይ ግን 90 ሚሊሴኮንድ የሚፈጀው የመገናኛ ሥራ ይነቃል። ደረጃው ስለሚበልጥ የአየር ሁኔታውን ሥራ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ያስቆመዋል። በ45ኛው `bc_dist` ይነቃል፤ መገናኛውን አስቁሞ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ቁልፉ የለም። ይተኛል። አሁን ፕሮሰሰሩን ከሚፈልጉት መካከል ትልቁ መገናኛው ነውና እሱ ይቀጥላል። የአየር ሁኔታው ሥራ አንድ ሚሊሴኮንድ ብቻ ቀርቶት ሳለ ተራ አያገኝም፤ እሱ ካልጨረሰ ደግሞ `bc_dist` አይነሳም። መገናኛው የሚያበቃው በ131ኛው ነው። በ125ኛው ላይ ግን `bc_sched` ይነቃና ያለፈውን ዙር ሲፈትሽ `bc_dist` እንዳልጨረሰ ያያል። የታዘዘው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ካየ ኮምፒዩተሩን ከባዶ እንዲያስነሳ ነው። አስነሳው።

መገናኛው ቁልፉን አልያዘም፣ አልፈለገውምም። ከመዝገቡ ጋር ምንም ጉዳይ ሳይኖረው ከእሱ የሚበልጠውን ሥራ አስጠበቀ። የቅድሚያ መገልበጥ የሚባለው ይህ ነው። ክፋቱም የመጠበቂያው ርዝመት በቁልፉ ላይ ሳይሆን መካከል ላይ በተሰለፉት ሥራዎች ብዛት መወሰኑ ነው፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ቢተካ ማብቂያ የለውም።

ይህን ስህተት ማግኘት አስቸጋሪ የሚያደርገው ሦስት ነገር በጠባብ ክፍተት ውስጥ መገጣጠም ስላለበት ነው። የሶፍትዌር ቡድኑ መሪ ግሌን ሪቭስ በኋላ እንደጻፈው፣ ችግሩ ከማረፏ በፊትም ታይቶ ነበር፤ ሊደግሙት ሲሞክሩ ግን እምቢ አላቸው። መንኮራኩሯ ማርስ ላይ ከተጠበቀው በላይ መረጃ ስትልክ የመካከለኞቹ ሥራ በዛና መገጣጠሙ ተደጋገመ። መሐንዲሶቹ ምድር ላይ ባለው አምሳያ ኮምፒዩተር ላይ የትኛው ሥራ መቼ እንደነቃና መቼ እንደተቋረጠ የሚመዘግበውን መከታተያ ከፍተው፣ ስህተቱ እስኪመጣ ድረስ አሠሩት። ሲመጣ መዝገቡ ሁሉን ተናገረ።

መድኃኒቱ ቅድሚያ መውረስ ይባላል። ትልቁ ሥራ ቁልፍ ሲያጣ፣ ሲስተሙ ቁልፉን የያዘውን ትንሽ ሥራ ለጊዜው በትልቁ ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል። ያንኑ ዙር እንድገመው። በ45ኛው `bc_dist` በሩ ላይ ሲቆም የአየር ሁኔታው ሥራ የእሱን ደረጃ ይወርሳል። አሁን መገናኛው ሊያቋርጠው አይችልም። አንዲቷን ሚሊሴኮንድ ይጨርሳል፣ በ46ኛው ቁልፉን ይመልሳል፣ ወዲያው ወደ ቀድሞ ደረጃው ይወርዳል። `bc_dist` ይገባል። መገናኛው ከዚያ በኋላ ይቀጥላል፤ የሚያጣው ነገር የለም።

ቪኤክስወርክስ ይህን ችሎታ ይዞ ነበር፤ ለዚያ ቁልፍ ግን አልበራም። ማብሪያው አንድ ምልክት ስለነበር ከዐይነ ስውር ወደ ብሩህ የማድረግ ያህል ቀላል ይመስላል። ምልክቱ ግን በዚያ ዓይነት ቧንቧ የሚጠቀሙትን ሁሉ የሚነካ ነበርና ሌላ ነገር እንዳይዛባ በቅድሚያ መመርመር ነበረበት። ከዚያ ለውጡ ወደ ማርስ ተላከ፤ መነሳቱም ቆመ። መሐንዲሶቹ የሲስተሙን የትዕዛዝ መስኮት ከፍተው ማርስ ላይ በቀጥታ ጻፉበት የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። ሪቭስ አስተባብሎታል፤ የተላከው በአሮጌውና በአዲሱ ኮድ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ሲሆን፣ መንኮራኩሯ ላይ ያለ ሌላ ፕሮግራም አጣርቶ ተክሎታል።

ሉ ሻ፣ ራጅኩማርና ሌሆትስኪ ስለ ቅድሚያ መውረስ በሰፊው የሚጠቀሰውን ጥናት ያሳተሙት በ1990 ነው፤ ከማርሱ ጉዳይ ሰባት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። እዚያው ጽሑፍ ላይ ድክመቱንም አስቀምጠዋል። ሁለት ሥራዎች ሁለት ቁልፎችን በተቃራኒ ቅደም ተከተል ቢይዙ እርስ በርስ እንደተፋጠጡ ይቀራሉ፤ ውርስ አያስታርቃቸውም። ቁልፉን ይዞ ረጅም ሥራ የሚሠራም ካለ ትልቁ ያንን ሙሉ ጊዜ መጠበቁ አይቀርም። ውርስ የሚያስወግደው የመካከለኛውን ጣልቃ ገብነት ብቻ ነው።

ዛሬም ሊኑክስ ላይ ሲ ለሚጽፍ ሰው ተራው ሚውቴክስ ውርስ የለውም፤ ራሱ መጠየቅ አለበት፦

```c
pthread_mutexattr_t a;
pthread_mutexattr_init(&a);
pthread_mutexattr_setprotocol(&a, PTHREAD_PRIO_INHERIT);
pthread_mutex_init(&m, &a);
```

በትናንሽ ቺፖች ላይ በሚሠራው ፍሪአርቶስ ደግሞ በ`xSemaphoreCreateMutex` የተፈጠረ ቁልፍ ውርስ አለው፤ በ`xSemaphoreCreateBinary` የተፈጠረው የለውም፣ ምክንያቱም ሲስተሙ ማን እንደያዘው አያውቅምና ለማን እንደሚያወርስ አያውቅም። ሁለቱ ሙከራ ላይ አንድ ይመስላሉ። የጋራ ነገር የምትጠብቁበት ከሆነ የመጀመሪያውን ተጠቀሙ፤ ከዚያም ቁልፉ ተይዞ የሚሠራውን ሥራ አሳጥሩት።