የቀድሞ ስልክ ቁጥር ሌላ ሰው ሲይዘው የቴሌግራም አካውንትን ማስመለስ

ቴሌግራም የአካውንቱን ባለቤት የሚለየው በስልክ ቁጥሩ ነው። የቴሌኮም ድርጅት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልተሠራበትን ቁጥር ይዘጋና ለሌላ ደንበኛ ይሸጠዋል። አዲሱ ባለቁጥር ቴሌግራም ለመክፈት ሲሞክር የማረጋገጫ ኮዱ በኤስኤምኤስ ለእሱ ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ኮድ የሚከፈተው ግን አዲስ አካውንት ሳይሆን የቀድሞው ሰው አካውንት ነው፣ ከነመልእክቱና ከነግሩፑ። ሰውየው ሌባ አይደለም፤ የገዛውን ሲም ነው የተጠቀመው።

አካውንቱ መመለስ አለመመለሱን የሚወስነው በአንድ መሣሪያ ላይ እንኳ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ለሥራ የሄደች ሴት እናስብ። የአገር ቤት ሲሟ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቴሌግራም ግን አንዴ ከተገባበት ሲሙን ስለማይፈልግ በዋይፋይ መሥራቱን ቀጥሏል። የሷ ነገር ቀላል ነው። Settings ውስጥ ስልክ ቁጥሯን ነክታ Change Number ትመርጣለች፤ በ+971 የሚጀምረውን አዲሱን ቁጥሯን ታስገባለች፤ በእሱ የሚደርሳትን ኮድ ትጽፋለች። መልእክቶቿም ግሩፖቿም እንዳሉ ይቆያሉ። ቴሌግራም እሺ የማይላት በአዲሱ ቁጥር ቀድሞ ሌላ አካውንት ከፍታ ከሆነ ነው፤ ያኔ መጀመሪያ ያንን አካውንት መሰረዝ አለባት።

ስልኩ ተሰብሮ ቴሌግራም የቀረው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ቢሆንም መንገድ አለ። አዲስ ስልክ ላይ የድሮው ቁጥር ሲገባ ኮዱ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚላከው ክፍት ወደሆነው ቴሌግራም ነው፤ ላፕቶፑ ላይ አንብቦ ስልኩ ላይ መጻፍ ነው። አዲስ የገባ ስልክ ግን ወዲያው ቁጥር እንዲቀይር ላይፈቀድለት ስለሚችል፣ ቁጥሩ እስኪቀየር ድረስ ከላፕቶፑ መውጣት አይገባም።

አዲሱ ባለቁጥር ቀድሞ ከገባ፣ አዲስ መሣሪያ መግባቱን የሚገልጽ መልእክት ይመጣል። አዲስ የገባ ሰው የሌሎችን መሣሪያ ወዲያው ማስወጣት ስለማይችል የቀድሞዋ ባለቤት ጊዜ አላት። Devices ውስጥ ገብታ የማታውቀውን መሣሪያ ታስወጣለች። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሲሙ እሱ ዘንድ ነውና እንደገና ኮድ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ Two-Step Verification ላይ የይለፍ ቃል መቆለፍ ያስፈልጋል። ያኔ ኮዱ ብቻውን አያስገባውም፤ አካውንቱ ተሰርዞ እንደ አዲስ እንዲከፈት ቢጠይቅም 7 ቀን መጠበቅ አለበት። ጥያቄው ለባለቤቷ ይነገራታል። ቁጥሯን መቀየር ያለባት በነዚያ ቀናት ውስጥ ነው።

የትም ያልተከፈተ አካውንት ከባድ ነው፤ ኮዱ የሚሄደው ወደ ድሮው ሲም ነውና። ቁጥሩ ገና ካልተሸጠ፣ ሲሙ በስሟ የተመዘገበው ሴት መታወቂያዋን ይዛ ቴሌኮሙን ምትክ ሲም መጠየቅ ትችላለች። ተሸጦ ከሆነ የሚቀራት በአዲስ ቁጥር ሌላ አካውንት ከፍቶ ለዘመዶቿ ደውሎ መናገር ነው፦ ከድሮው አካውንት ብር ላኩልኝ የሚል መልእክት ቢመጣ ከእሷ አይደለም። የቤተሰብና የዕቁብ ግሩፕ አስተዳዳሪዎችም የድሮውን አካውንት ከግሩፑ ማውጣት አለባቸው።