አንድ ዓይነት ኩርባ፣ ሁለት ምክንያቶች፦ ክሮሜትን በብርሃን ምጠት ስለ መለካት



እዚህ ጎተራ ተሰብስበን ስንነጋገር፣ ከእኛ በስተደቡብ የአቃቂ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይጓዛል። በከተማችን ወንዞች ዳር የሚሠሩ የቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳን በክሮሚየም ጨው ያለፋሉ። ለዚህ የሚውለው አረንጓዴው ክሮሚየም ሦስት ሲሆን፣ መርዛማነቱ የሚያሳስበን ግን በኦክስጂን አማካይነት ከርሱ ሊፈጠር የሚችለው ክሮሚየም ስድስት ነው። በወንዙ ውኃ አትክልት ስለሚለማ፣ የምንጽፈው ቁጥር ከላቦራቶሪ ውጭም ትርጉም አለው።

ክሮሚየም ስድስት በቤዝ ውስጥ ቢጫው ክሮሜት ነው። በ372 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃንን አጥብቆ ይመጣል፤ የሞላር ምጠቱም ወደ 4800 ይጠጋል። የቢርና የላምበርት ሕግ A = εbc ይላል። ስለዚህ በአንድ ሴንቲሜትር ኩቬት ውስጥ፣ በሊትር አንድ ሚሊግራም ክሮሚየም 0.0925 ያህል ምጠት ይሰጣል፤ 20 ሚሊግራም ደግሞ 1.85 መስጠት ይኖርበታል። (እንደ መጠጥ ውኃ ላለ እጅግ አነስተኛ መጠን ይህ ዘዴ አይበቃም፤ በዳይፌኒልካርባዛይድ የሚፈጠረው ወይን ጠጅ ቀለም ስምንት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። የዛሬው ጉዳዬ ግን ኩርባው ነው።)

አሁን መሣሪያችን አንድ በመቶ ባዕድ ብርሃን ያስገባል እንበል፤ ማለትም በሙሙቱ ሳይመጠጥ፣ ከሌላ የሞገድ ርዝመት ተንሸራቶ ጠቋሚው ላይ የሚደርስ ብርሃን። ሙሙቱ ቀጭን ሲሆን ይህ ብርሃን ከሚያልፈው ብዙ ብርሃን አንጻር ኢምንት ነው። ሙሙቱ ሲወፍር ግን የሚያልፈው እያነሰ ባዕዱ ባለበት ይቆያል፤ መሣሪያውም ምጠቱን አሳንሶ ያነባል። በ0፣ 4፣ 8፣ 12፣ 16 እና 20 ሚሊግራም የምናነበው በቅደም ተከተል 0፣ 0.364፣ 0.721፣ 1.062፣ 1.370 እና 1.622 ይሆናል።

በእነዚህ ስድስት ነጥቦች መካከል ቀጥተኛ መስመር ብናሳልፍ R² 0.996 ይወጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ እፎይ ብሎ ወደ ናሙናው ያልፋል። መስመሩ ግን ዜሮ ላይ 0.037 ያነባል፤ ቀሪዎቹን ልዩነቶች ብናይ ጫፎቹ ከመስመሩ በታች፣ መሐሉ ከመስመሩ በላይ ነው። ይህ የዘፈቀደ ስሕተት መልክ አይደለም፤ የኩርባ መልክ ነው። በእውነት 2 ሚሊግራም የያዘ ናሙና 0.183 ቢያነብ፣ መስመሩ 1.78 ይለዋል። አሥራ አንድ በመቶ ጠፋ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ነጥቦች ብቻ ብንጠቀም ግን 2.02 እናገኛለን። R² ስለ መስመር ቀጥተኛነት ምስክር አድርጎ መጥራት ልማዳችን መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ከመሣሪያው ሳይሆን ከብልቃጡ ይመጣል። አንድ ሰው ፖታሲየም ዳይክሮሜትን ያለ በፈር በተጣራ ውኃ ብቻ አሟሙቶ ደረጃ ሙሙቶቹን ቢያዘጋጅ፣ ውኃ በጨመረ ቁጥር ሚዛኑ ይንቀሳቀሳል፦

```
Cr2O7^2- + H2O ⇌ 2 HCrO4^-
HCrO4^- ⇌ CrO4^2- + H^+
```

በቀጭኑ ሙሙት ውስጥ የክሮሜቱ ድርሻ ይጨምራል፤ በ372 ናኖሜትር አጥብቆ የሚመጥጠው ደግሞ እርሱ ነው። እንግዲህ ቀጫጭኖቹ ከድርሻቸው በላይ ያነባሉ፤ ኩርባውም እንደ ቀደመው ወደ ታች ይጎብጣል። ሕጉ አልፈረሰም፤ እኛ c ብለን የጻፍነው የአንድ አዮን መጠን አለመሆኑ ነው እንጂ።

ወረቀት ላይ ሁለቱ ኩርባዎች ይመሳሰላሉ። የሚለያያቸው ፈተና ቀላል ነው፦ ክምችቱን ሳይነኩ የኩቬቱን ስፋት መለወጥ። የ20 ሚሊግራሙን ሙሙት በአምስት ሚሊሜትር ኩቬት ብናነብ፣ ባዕድ ብርሃን ባለበት መሣሪያ 0.894 ገደማ እናገኛለን፤ እጥፉ 1.79 ሲሆን በአሥር ሚሊሜትሩ ያነበብነው ግን 1.62 ነው። አለመስማማታቸው ጥፋቱ የብርሃኑ መሆኑን ይናገራል። ጥፋቱ ኬሚካዊ ከሆነ ግን ኩቬት ሲለወጥ የአዮኖቹ ድርሻ ስለማይለወጥ፣ እጥፉና ንባቡ ይገጥማሉ።

አጭር ኩቬት የሌለው ላቦራቶሪ ደረጃ ሙሙቶቹንም ናሙናውንም በ0.05 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያዘጋጅ፤ ሁሉም ክሮሜት ይሆናልና። ኩርባው ከተቃና ምክንያቱ ሚዛኑ ነበር። ጉብጠቱ ከላይኛው ጫፍ ካልለቀቀ፣ የልኬቱን ጣሪያ 0.7 አካባቢ ላይ ማቆም፣ ከዚያ በላይ ያለውንም ናሙና በዚያው ቤዝ እንጂ በተራ ውኃ አለማቅጠን ነው።