የአንድ ብር ሳንቲምና የግድግዳው ስንጥቅ

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ በምሥራቅ ጎጃም አምበር ከምትኖረው እኅቴ ቤት አንድ ፎቶግራፍ በስልክ ደረሰኝ። ላኪው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ልጇ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ ቁልቁል የሚወርድ የብሎኬት ግድግዳ ስንጥቅ ይታያል። ቤቱ የተሠራው በዋልካ አፈር ላይ ነው። ዋልካ ደግሞ በክረምት ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ፣ በበጋ ደርቆ የሚሸማቀቅና የሚሰነጣጠቅ አፈር በመሆኑ በላዩ ያረፈውን መሠረት ያለ ዕረፍት ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። ግንበኛው ስንጥቁ በሲሚንቶ ይለሰን ብሏል። እኅቴ ግን በልስኑ ላይ ገንዘቧን ከማውጣቷ በፊት ስንጥቁ የቆመ ወይም እየሰፋ የሚሄድ መሆኑን ማወቅ ፈለገች።

ከዚያ ፎቶግራፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ማግኘት አይቻልም ነበር። ከቅርብ የተነሣ የፀጉር ያህል ስንጥቅና ከሩቅ የተነሣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ በምስል ላይ እኩል ሊመስሉ ይችላሉና። ስለዚህ ልጁ ከስንጥቁ ጎን የአንድ ብር ሳንቲም በስስ ፕላስተር ለጥፎ እንደገና እንዲያነሣ ነገርሁት። 2002 የሚል ዓመት የተቀረጸበትንና የአንበሳ ራስ ያለበትን ይህን ሳንቲም በቨርኒየር ካሊፐር ስለካው ዲያሜትሩ 27 ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። (በሌላው ፊቱ ላይ ያለው ሥዕል ሚዛን መሆኑ ለዚህ ሥራ የታሰበ ያስመስለዋል።)

ስሌቱ ቀላል ነው። ዲጂታል ፎቶግራፍ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ነጥቦች የተሞላ ሠንጠረዥ ነው። ImageJ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍቼ ከሳንቲሙ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ስቆጥር 540 ፒክስል ሆነ። 540ን ለ27 ስናካፍል በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ 20 ፒክስል እናገኛለን። የስንጥቁ ስፋት 64 ፒክስል ነበር፤ ይህም 64 ÷ 20 = 3.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ይህ ምጥጥን የሚያገለግለው ለዚያው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ካሜራው አንድ ስንዝር ቢጠጋ ወይም ቢርቅ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ስለዚህ ሳንቲሙ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ውስጥ መኖር አለበት። በአንጻሩ ስልኩ ምስሉን ለመላክ ሲል ቢያሳንሰው ሳንቲሙም ስንጥቁም በእኩል ስለሚያንሱ ምጥጥናቸው አይናጋም፤ የሚጎዳው የጠርዞቹ ጥራት ነው።

በመጋቢት፣ ዋልካው በደረቀበት ወቅት፣ ልጁ ሁለተኛውን ፎቶግራፍ ላከ። በዚህ ጊዜ ስሌቱን ራሱ ሠርቶ ነበር። የሳንቲሙን ቁመት ከላይ እስከ ታች ለክቶ 432 ፒክስል አገኘ፤ ይህም በሚሊ ሜትር 16 ፒክስል ነው። ስንጥቁ 56 ፒክስል ስለሆነ 3.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። «ጋሼ፣ ስንጥቁ እንዳለ ነው፤ የጨመረው 0.3 ብቻ ነው» ሲል ጻፈልኝ።

አባባሉ ከሞላ ጎደል ተገቢ ይመስል ነበር። የስንጥቅ ጠርዝ እንደ ብረት ጠርዝ የጠራ አይደለም፤ አሸዋው ይረግፋል፣ ጥላ ይወድቅበታል። በእያንዳንዱ ጠርዝ 2 ፒክስል ያህል ብንሳሳት፣ ሁለቱ ስህተቶች ተዳምረው ወደ 3 ፒክስል ይደርሳሉ። ይህም በመጀመሪያው ፎቶግራፍ 0.15፣ በሁለተኛው ደግሞ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱን ልኬቶች ስናቀናንስ የልዩነቱ የስህተት ወሰን ወደ 0.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ የ0.3 ልዩነት ከስህተቱ ተለይቶ የማይታይ በመሆኑ ስንጥቁ ሰፍቷል ለማለት አያስደፍርም።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፉን ስከፍተው ሳንቲሙ ክብ አልነበረም። ቁመቱ 432 ሲሆን ወርዱ 374 ፒክስል ብቻ ነው። ልጁ በግድግዳው ፊት ለፊት የአልጋ ራስጌ ስለነበረበት ወደ ጎን ቆሞ ነበር ያነሣው። ከጎን የታየ ክብ ነገር ሞላላ ይመስላል፤ ረጅሙ ዲያሜትር አይነካም፣ አጭሩ ግን በአዘነበለው ልክ ይጠባል። 374ን ለ432 ብናካፍል 0.866 እናገኛለን፤ ይህ የ30 ዲግሪ ኮሳይን ነው። ካሜራው ከትክክለኛው አቅጣጫ 30 ዲግሪ ዞር ብሎ እንደነበር ሳንቲሙ ራሱ መሰከረ ማለት ነው።

ስንጥቁ ቁልቁል የሚወርድ ስለሆነ ስፋቱ የሚለካው በአግድም ነው፤ የጠበበውም አግድሙ ነው። የልጁ ስህተት ያልጠበበውን ቁመት ለጠበበው ስፋት መለኪያ ማድረጉ ነበር። በአግድም ምጥጥኑ 374 ÷ 27 = 13.85 ነው። በዚህ መሠረት 56 ÷ 13.85 = 4.0 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከኅዳር ወዲህ የተጨመረው 0.8 ሚሊ ሜትር ነው እንጂ 0.3 አይደለም። ይህ ከስህተቱ ወሰን ሦስት እጥፍ ስለሆነ ግድግዳው በእርግጥ ተንቀሳቅሷል።

በሳንቲሙ ምትክ የተማሪ ማስመሪያ ቁልቁል ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ይህን ስህተት ማንም ባላወቀው ነበር። ማስመሪያ ረጅም በመሆኑ በመቶኛ ሲታይ አነስተኛ ስህተት ይሰጣል፤ ሆኖም መለኪያነቱ ለተዘረጋበት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ካሜራው ዞር ማለቱንም አይናገርም። ማስመሪያ የሚጠቀም ሰው ከስንጥቁ ጋር መስቀለኛ አድርጎ፣ በሚለካው አቅጣጫ መለጠፍ ይኖርበታል።

ሌላው ችግር ሳንቲሙ ከግድግዳው መራቁ ነው። በዚያው በመጋቢት ልጁ አንድ ሌላ ፎቶግራፍ ሳንቲሙን በጣቶቹ ይዞ አንሥቶ ነበር። ስልኩ ከግድግዳው በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ሳንቲሙ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢወጣ፣ ከሌንሱ የሚርቀው 29 ሴንቲ ሜትር ነውና በ3 በመቶ ያህል ተልቆ ይታያል፤ ስንጥቁም በዚያው መጠን አንሶ ይሰላል። ይህን ስህተት ከሳንቲሙ ቅርጽ ማወቅ አይቻልም፤ ሳንቲሙ ክብ ሆኖ ይቀራልና። ያን ፎቶግራፍ ከስሌቱ አወጣሁት።

በጎን ከሚታይ ስንጥቅ ጥቁሩን ክፍል ብቻ መለካትም አሳሳች ነው። ብርሃን በአንደኛው የውስጥ ገጽ ላይ ሲያርፍ ጥቁሩ ክፍል ከእውነተኛው ስፋት ያንሳል። የሚለካው ከከንፈር እስከ ከንፈር ነው። ለዚህም ልጁ ስንጥቁን ተሻግረው በግራና በቀኝ የሚገኙ ሁለት የእርሳስ ነጥቦች በግድግዳው ላይ እንዲያደርግ ነገርሁት። ከዚያ በኋላ የምንለካው የሚረግፈውን ጠርዝ ሳይሆን የነጥቦቹን ርቀት ነው፤ የጠርዙ ብዥታም ከስሌቱ ይወጣል።

ክረምቱ አልፎ በመስከረም አልጋው ተነሥቶ፣ ካሜራው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ሳንቲሙም በአግድም በቁልቁልም እኩል ሆኖ ተነሣ። ስንጥቁ 3.4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ዋልካው ሲያብጥ መልሶ ጠቦ ነበር። ከኅዳሩ 3.2 ጋር ያለው ልዩነት ግን በስህተቱ ወሰን ውስጥ ስለሚወድቅ ምንም አይነግረንም፤ ወቅቱም አንድ አይደለም። በበጋ ሰፍቶ በክረምት የሚመለስ ስንጥቅ በሲሚንቶ ቢለሰን በመጋቢት ልስኑን ይቀደዋል፤ ከዓመት ዓመት የሚሰፋ ከሆነ ግን የሚታየው መሠረቱ ነው። ግንበኛው እስከ ኅዳር እንዲጠብቅ ተነግሮታል። ሳንቲሙ አሁንም በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ እኅቴም ማንም ልጅ እንዳይነቅለው ትጠብቀዋለች።